ዋንጫው ለማን ይገባል? ስለ ጥሎ ማለፍና ስለ ዙር ውድድር

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የተደረገው የክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር ሲፈጸም ዋንጫውን የተቀበለው የእኔ ክፍል፥ 12ኛ ሀ፥ ነበር። እኔም በግራ ተከላካይነት ተሰልፌ ስለ ነበር ከጓደኞቼ ጋራ ዋንጫውን ተሸክሜ ሜዳውን ዞሬአለሁ፤ ጨፍሬአለሁ፤ ድምፄም እስኪዘጋ ጮኼአለሁ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የማቀርበው አስተያየት ተሸንፎ የተቆጣ ሰው አስተያየት እንዳይመስልህ ይህን አስቀድሜ ተናገርኩ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዋንጫውን ወስደናል፤ ነገር ግን በእኔ እምነት የትምህርት ቤቱ ብርቱ ቡድን እኛ አልነበርንም።

ነገሩ እንደዚህ ነው። ስምንት ክፍሎች ዕጣ አወጡ። ለእኛ 9ኛ ለ ደረሰንና 4 ለ 0 አሸነፍን። ቀጥሎ 10ኛ ሀን በጭንቅ 1 ለ 0 ረታን። በፍጻሜው ከ12ኛ ለ ጋራ ያለ ግብ ተለያየንና በመለያ ምት አሸነፍን። 11ኛ ለ ግን በመጀመሪያው ቀን ከ12ኛ ለ ጋራ እንዲጋጠም ዕጣው ስላዘዘ፥ ሙሉውን ጊዜ ሲያጠቃ ውሎ በመጨረሻ ደቂቃ በገባበት አንድ ግብ ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ይህ 11ኛ ለ በልምምድ ጊዜ ሁለት ጊዜ ገጥሞን ሁለቱንም ጊዜ በ3 ግብ ያሸነፈን ቡድን ነው። አንደኛው ሽልማት ለእኛ፥ ሁለተኛው ለ12ኛ ለ፥ ሦስተኛው ለ10ኛ ሀ ሲሰጥ 11ኛ ለዎች ከአጥሩ ሥር ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። የቡድኑ አለቃ ወዳጄ ስለሆነ በኋላ ላጽናናው ጠጋ ብል፥ «እናንተስ ሦስት ጊዜ ተጫወታችሁ፤ እኛ ከመስከረም ጀምሮ የተለማመድነው ለአንድ ቀን ኖሯል» አለኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ንግግር ነው።

የውድድር ሥርዐት በብዙ መልክ ይቀመማል፤ መሠረቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ይወጣል፥ ያሸነፈ ያልፋል፥ መጨረሻም አንድ ቡድን ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው የዙር ውድድር ነው፤ ዛሬ ሊግ የምንለው ማለት ነው። በዚህኛው እያንዳንዱ ቡድን ከሁሉም ጋራ ይጋጠማል፤ ነጥቡ ይደመራል፤ ብዙ ነጥብ ያለው ይሸለማል። ስምንት ቡድኖች ቢኖሩ ጥሎ ማለፍ በ7 ግጥሚያ ያልቃል፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ግጥሚያ አንድ ቡድን ስለሚወጣ ሰባቱን ለማስወጣት ሰባት ግጥሚያ ይበቃል። የዙር ውድድር ግን 28 ግጥሚያ ይጠይቃል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በ28ቱ የምናገኘው ፍርድ በ7ቱ ከምናገኘው ይበልጥ እውነተኛ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የአፍሪካ ዋንጫ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱንም ሥርዐት ሞክሮ ነበር፤ አገራችንም ከመሥራቾቹ አንዷ ስለ ነበረች ሁለቱንም ቀምሳለች። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት፥ ሌላ ካላልኩ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ተደረገ። ሊወዳደሩ የታሰቡት አራት አገሮች ሱዳን፥ ግብፅ፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ፤ ሥርዐቱም ጥሎ ማለፍ ነበር። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋራ እንድትጋጠም ተመድባ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን በዘር መለያየት ሕግዋ ምክንያት ጥቁርና ነጭ አብረው የሚሰለፉበት ቡድን አላቀርብም ስላለች ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ስለዚህ ኢትዮጵያ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ አለፈች። በሌላው ወገን ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸነፈች። በፍጻሜውም ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረታች፤ አራቱንም ግቦች ያገባው አድ ዲባ የሚባለው ተጫዋች ነው።

አሁን የደረጃውን ሰንጠረዥ እንመልከት። ግብፅ አንደኛ፥ ኢትዮጵያ ሁለተኛ፥ ሱዳን ሦስተኛ። ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውታ፥ አንድም ግብ ሳታገባ፥ በአራት ግብ ልዩነት ተሸንፋ ሁለተኛ ሆነች። ሱዳን ግን በዚያችው ግብፅ በአንድ ግብ ልዩነት ብቻ ተሸንፋ ሦስተኛ ሆነች። አገሬን እንደ ማንኛውም ሰው እወዳለሁ፤ ሆኖም ይህ ሁለተኛነት የዕጣ ስጦታ መሆኑን መካድ አልችልም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በግንቦት 1951 ዓ.ም. በካይሮ ሁለተኛው ውድድር ሲደረግ እነዚሁ ሦስት አገሮች ተገናኙ። በዚህ ጊዜ ግን ሥርዐቱ ዙር ሆነና ሁሉም ከሁሉም ጋራ ተጋጠሙ። ግብፅ ኢትዮጵያን እንደ ገና 4 ለ 0 አሸነፈች። ሱዳን ኢትዮጵያን 1 ለ 0 አሸነፈች። ግብፅም ሱዳንን 2 ለ 1 አሸነፈች። ልብ በሉ፤ ግብፅ በሁለቱ አገሮች ላይ ያስመዘገበችው ውጤት ከካርቱሙ ጋራ አንድ ዐይነት ነው፤ 4 ለ 0 እና 2 ለ 1። የተጨመረው አንድ ግጥሚያ ብቻ ነው፤ እርሱም በካርቱም ሳይደረግ የቀረው የሱዳንና የኢትዮጵያ ግጥሚያ ነው። ያ አንድ ግጥሚያ ሲጨመር ደረጃው ተለወጠ፤ ሱዳን ሁለተኛ፥ ኢትዮጵያ ሦስተኛ ሆነች።

ከዚህ የምማረው የመጀመሪያ ቁም ነገር ይህ ነው። ጥሎ ማለፍ ቢበዛ አንደኛውን ያሳየን እንደ ሆነ እንጂ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አያሳይም። በካርቱምም በካይሮም አንደኛዋ ግብፅ ናት፤ በዚህ ሁለቱ ሥርዐቶች ተስማምተዋል። የተለያዩት ከአንደኛው በታች ባለው ላይ ነው።

ይህን ጉድለት ከእኔ በፊት ያዩት ብዙዎች ናቸው። በኦክስፎርድ የሒሳብ አስተማሪ የነበረውና ሉዊስ ካሮል በሚለው የብዕር ስም ለልጆች ተረት በመጻፍ የታወቀው ቻርልስ ዶጅሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1883 ስለ ሜዳ ቴኒስ ውድድር አንድ ትንሽ ጽሑፍ አሳትሞ፥ በጥሎ ማለፍ የሚሰጠው የሁለተኛነት ሽልማት ፍትሕ የጎደለው መሆኑን በቍጥር አስረድቷል። ስሌቱ ማንም ተማሪ በደብተሩ ላይ ሊሠራው የሚችል ነው።

ስምንት ቡድኖች አሉ እንበል፤ ብርቱው ሁልጊዜ ደካማውን ያሸንፋል እንበል። ዕጣው ሁለት ጎራ ያደርጋቸዋል፤ በእያንዳንዱ ጎራ አራት ቡድኖች አሉ። አንደኛው ብርቱ ቡድን በአንዱ ጎራ ገባ። የቀሩት ባዶ ቦታዎች ሰባት ናቸው፤ ሦስቱ በእርሱ ጎራ፥ አራቱ በማዶ ጎራ። ሁለተኛው ብርቱ ቡድን ለፍጻሜ የሚደርሰው ከማዶ ካሉት ከአራቱ ቦታዎች አንዱ ከደረሰው ብቻ ነው። በአንደኛው ጎራ ከወደቀ ግን ከፍጻሜው በፊት ከአንደኛው ጋራ ይገናኝና ይወጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ብርቱ ቡድን ሁለተኛ ሆኖ የመሸለም ዕድሉ ከ7 አራት ነው። ከ7 ሦስት ጊዜ ሽልማቱ ለማይገባው ሰው ይሰጣል ማለት ነው። ይህም የሆነው አንድም የዳኛ ስሕተት፥ አንድም የተጫዋች ጉዳት፥ አንድም ያልታሰበ ሽንፈት ሳይኖር ነው። ጥፋቱ የዕጣው ብቻ ነው። 11ኛ ለ ምን እንዳገኘው አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

አንዳንዶች፥ «ብርቱዎቹን አስቀድሞ ለይቶ በሁለት ጎራ መመደብ ይቻላል» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በብዙ ታላላቅ ውድድሮች እንደዚህ ይደረጋል፤ ጉዳቱንም ይቀንሳል። ነገር ግን ብርቱዎቹን አስቀድመን ካወቅናቸው ውድድሩ ለምን ያስፈልገናል? በትምህርት ቤትም ነገሩ ይከብዳል፤ የአምናው 12ኛ ክፍል ትምህርቱን ጨርሶ ሄዷል፤ የዘንድሮው 9ኛ ክፍል ደግሞ ከየት እንደ መጣ ማንም አያውቀውም። የአምና ውጤት ለዘንድሮ ምድብ መመሪያ ሊሆን አይችልም።

እስከዚህ ድረስ ስናገር የዙር ውድድር ፍጹም ነው የምል ይመስል ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ እንደዚያ አስብ ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችን ሐሳቤን በነገርኳቸው ጊዜ ግን፥ «ልጄ፥ መጀመሪያ ቍጠር፥ ከዚያ ተናገር» አሉኝና አንድ ጥያቄ ሰጡኝ። መልሱ አስደንቆኛልና እዚህ አቀርበዋለሁ።

አራት ቡድኖች አሉ። አንዱ ብርቱ ነው፤ ከማንኛቸውም ጋራ 10 ጊዜ ቢጋጠም 7 ጊዜ ያሸንፋል። የቀሩት ሦስቱ እኩያሞች ናቸው። ነገሩ እንዲቀል አቻ መውጣት የለም እንበል። በጥሎ ማለፍ ዋንጫውን ለመውሰድ ብርቱው ሁለት ጊዜ ማሸነፍ አለበት፤ ሰባት ዐሥረኛ በሰባት ዐሥረኛ ሲባዛ ከ100 ውስጥ 49 ይሆናል። በዙር ውድድር ደግሞ ሦስት ጊዜ ይጫወታል። ሦስቱንም የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 ወደ 34 ያህል ነው፤ ያን ጊዜ ያለ ክርክር አንደኛ ነው። ሁለቱን አሸንፎ በአንዱ የመሸነፍ ዕድሉ ወደ 44 ያህል ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ያሸነፈው ቡድን ሊቀድመው፥ ወይም አንድ ወይም ሁለት ቡድኖች በነጥብ ሊስተካከሉት ይችላሉ። እኩል የሆኑት በዕጣ ይለያሉ ብለን እያንዳንዱን መንገድ ብንቈጥር ከሦስት ጊዜ አንዱን ብቻ ዋንጫው ይደርሰዋል፤ ይህም ወደ 15 ይጠጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ያሸነፈ እንደ ሆነ ምንም ተስፋ የለውም። 34ና 15 ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ? 49! ያው የጥሎ ማለፉ ቍጥር።

ይህን ባየሁ ጊዜ ደብተሬን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። እንግዲህ «ዙር» የሚለው ስም ብቻውን ተአምር አይሠራም። ኀይሉ ያለው በግጥሚያው ብዛትና በነጥብ እኩል የሆኑትን በምንለይበት ዘዴ ነው። እኩል የሆኑትን በዕጣ መለየት ትተን በግብ ልዩነት ብንለይ ብርቱው ይጠቀማል፤ ብርቱ ቡድን ሲያሸንፍ በብዙ ያሸንፋል፥ ሲሸነፍ በጥቂት ይሸነፋልና። ግጥሚያው ሲበዛም እንዲሁ ነው። ያ ብርቱ ቡድን ከአንዱ ባላጋራው ጋራ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጋጠም የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 ውስጥ 70 ነው። ሦስት ጊዜ ተጋጥመው ሁለቱን ያሸነፈ ይሸለም ቢባል 78 ይሆናል፤ ከአምስት ሦስቱን ቢባል 84 ገደማ፤ ከሰባት አራቱን ቢባል 87 ገደማ። አጋጣሚ አንድ ቀን ያሸንፋል፤ ሰባት ቀን በተከታታይ ማሸነፍ ግን ይከብደዋል።

ቡድኖቹ ሲበዙ ልዩነቱ ይታያል። በእኛ ትምህርት ቤት እንዳለው ስምንት ቢሆኑ ያው ብርቱ ቡድን በጥሎ ማለፍ ሦስት ጊዜ ሳይደናቀፍ ማሸነፍ አለበት፤ ዕድሉ ወደ 34 ይወርዳል። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ዋንጫው ለሌላ ይሄዳል ማለት ነው! በዙር ውድድር ግን ሰባት ጊዜ ይጫወትና በአማካይ ወደ አምስት ያህሉን ያሸንፋል፤ ከቀሩት እያንዳንዱ በአማካይ የሚያሸንፈው ከሦስት ጥቂት ብቻ ይበልጣል። አንድ ቀን ዝናብ ቢያበላሽበት፥ አንድ ቀን በረኛው ቢታመምበት፥ ነጥብ ይጥላል እንጂ አይጠፋም። ነገ ሌላ ግጥሚያ አለው።

በአገራችን ሜዳ ላይ የዚህ ማስረጃ ታይቷል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በኢትዮጵያ ሲደረግ የመጨረሻው ክፍል በፍጻሜ ግጥሚያ መሆኑ ቀርቶ በአራት አገሮች ዙር ነበር። ሞሮኮ ግብፅንና ናይጄሪያን እያንዳንዳቸውን 2 ለ 1 አሸነፈች። ጊኒ ግብፅን 4 ለ 2 ስታሸንፍ ከናይጄሪያ ጋራ 1 ለ 1 ወጣች። በዚያን ጊዜ ማሸነፍ 2 ነጥብ፥ አቻ መውጣት 1 ነጥብ ያስገኝ ስለ ነበር ሞሮኮ 4፥ ጊኒ 3 ነጥብ ይዘው መጋቢት 5 ቀን አዲስ አበባ ላይ ተገናኙ። ጊኒ ቀድማ አገባች። እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ድረስ ዋንጫው በጊኒ እጅ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሞሮኮ አንድ ግብ መለሰችና 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ዋንጫው በ5 ነጥብ ለሞሮኮ ሆነ።

ይህ ጥሎ ማለፍ ቢሆን ኖሮ አቻ የወጡት ሁለቱ ቡድኖች ጭማሪ ሰዓት ይጫወቱ ነበር፤ ያለፉት ቀኖች ድካም ሁሉ እንዳልነበረ ይቈጠር ነበር። በዙር ሥርዐት ግን ሞሮኮ ወደ ሜዳ የገባችው ናይጄሪያን ያሸነፈችበትን ነጥብ በኪስዋ ይዛ ነው። ጊኒም የጎደላት ያች ከናይጄሪያ ጋራ በአቻ ውጤት የጣለቻት አንድ ነጥብ ነበረች። በዙር ውድድር የትናንቱ ሥራ ለዛሬ ስንቅ ይሆናል፤ በጥሎ ማለፍ ግን ትናንት ያሸነፍከው ለዛሬ መግቢያ በር ከመሆን በቀር ምንም አይጠቅምህም።

አሁን ደግሞ ለሌላው ወገን ልፍረድ። የዙር ውድድር አንድ ክፉ በሽታ አለው። እርሱም መጨረሻው ሲቃረብ አንዳንድ ቡድኖች ማሸነፍ የማያስፈልጋቸው መሆኑ ነው። በሰኔ 1974 ዓ.ም. በስፔን በተደረገው የዓለም ዋንጫ የሆነው ለዚህ ምሳሌ ነው። አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች፤ በኦስትሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ቺሊን 3 ለ 2 አሸነፈች። ሦስቱንም ግጥሚያዋን ጨርሳ ስትቀመጥ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በማግሥቱ በኺኾን ከተማ ተገናኙ። ሁለቱም ስሌቱን ያውቁ ነበር፤ ጀርመን በአንድ ወይም በሁለት ግብ ብቻ ካሸነፈች ሁለቱም ያልፋሉ፥ አልጄሪያ ትቀራለች። ጀርመን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ግብ አገባች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ኳሷን ወዲያና ወዲህ እያንከባለሉ ጊዜውን ጨረሱ። ሦስቱም አገሮች እኩል 4 ነጥብ ነበራቸው፤ አልጄሪያ በግብ ልዩነት ወደቀች። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዋንጫ በአንድ ምድብ ያሉ የመጨረሻ ግጥሚያዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ ተደረገ።

በጥሎ ማለፍ እንደዚህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም። የተሸነፈ ስለሚወጣ ለመሸነፍ የሚስማማ የለም። ደግሞም ጥሎ ማለፍ የሚሰጠው ደስታ በሌላ አይገኝም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ስትመራባት ሁለቱንም ጊዜ መልሳ፥ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ የነበረው ስሜት ዛሬም በሽማግሌዎች አፍ ሲነገር ሰውነት ያስነዝራል። ቱኒዚያንም ቀደም ብላ 4 ለ 2 አሸንፋ ነበር። ሁለት ግጥሚያ፥ ሁለት ድል፥ አንድ ዋንጫ። ያን ድል ማንም አይነካብንም፤ በሁሉም ዘንድ የታወቀው ሥርዐት ያ ነበርና፥ በሥርዐቱም አሸንፈናል። ነገር ግን «በዚያ ቀን ማን አሸነፈ?» የሚለው ጥያቄና «በዚያ ዓመት ብርቱው ማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ጥሎ ማለፍ የመጀመሪያውን ይመልሳል። ሁለተኛውን የሚመልሰው ዙር ነው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የስፖርት ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የክፍሎች ውድድር ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በዙር ይሁን። «28 ግጥሚያ በአንድ ሜዳ እንዴት ይቻላል?» ለሚሉኝ መልሱ ቀላል ነው። በየሳምንቱ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሁለት፥ ቅዳሜ ሁለት ግጥሚያ ቢደረግ አራት ይሆናል፤ በሰባት ሳምንት ያልቃል። እያንዳንዱም ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወታል።

የግጥሚያውንም ዝርዝር ለማውጣት ዕጣ አያስፈልግም። የስምንቱን ክፍሎች ስም በሁለት መስመር አራት አራት አድርጋችሁ ጻፉ፤ ፊት ለፊት የተጻፉት በመጀመሪያው ሳምንት ይጋጠማሉ። በሁለተኛው ሳምንት ከላይኛው መስመር የመጀመሪያውን ስም ሳትነኩ የቀሩትን ሰባት ስሞች እንደ ሰዓት ቈጣሪ ዘንግ አንድ አንድ ቦታ አዙሩ፤ እንደ ገና ፊት ለፊት የሆኑት ይጋጠማሉ። እንዲህ እያላችሁ እስከ ሰባተኛው ሳምንት ብትሄዱ እያንዳንዱ ክፍል ከእያንዳንዱ ጋራ አንድ ጊዜ ብቻ ይገናኛል፤ የሚዘለልም የሚደገምም የለም።

ሁለት ነገር ግን እንዲጠበቅ አደራ እላለሁ። አንደኛው፥ በነጥብ እኩል የሆኑ ክፍሎች ቢኖሩ በምን እንደሚለዩ ውድድሩ ሳይጀመር ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በእኔ አስተያየት በመጀመሪያ በግብ ልዩነት፥ ያም ካልለየ እርስ በርሳቸው ባደረጉት ግጥሚያ ይሁን፤ ዕጣ የመጨረሻ መጨረሻ ይሁን። ሁለተኛው፥ በሰባተኛው ሳምንት ዋንጫውን የሚመለከቱ ሁለት ግጥሚያዎች ቢኖሩ በአንድ ሰዓት ይደረጉ፤ አንዱ በእኛ ሜዳ፥ ሌላው ከጎረቤት ትምህርት ቤት ሜዳ በመለመን። የኺኾን ነገር በእኛ መንደር እንዲደገም አንሻም።

የጥሎ ማለፍን ደስታ የሚናፍቅም ካለ አይቅርበት። እንግሊዞች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1871 የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ጀምረው ሲያበቁ በ1888 ደግሞ ሊግ አቋቋሙ፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይቀማም። እኛም በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ትንሽ የጥሎ ማለፍ ውድድር ማድረግ እንችላለን። ታላቁ ዋንጫ ግን ለዙሩ አሸናፊ ይሁን።

እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ስለምፈጽም በሚመጣው ዓመት ውድድር አልሰለፍም፤ ለራሴ የምጠይቀው ነገር የለም። 11ኛ ለዎች ግን 12ኛ ለ ይሆናሉ። ምናልባት በዙሩ ውድድር አንደኛ ይሆናሉ፤ ምናልባትም እኔ በልምምድ ሜዳ ያየሁት ብርታታቸው በሰባት ግጥሚያ ሲመዘን ሳይገኝ ይቀራል። የትኛውም ቢሆን አይከፋኝም። የምመኝላቸው ዋንጫውን ሳይሆን ሰባት ጊዜ የመጫወትን ዕድል ነው። ሰባት ጊዜ ተጫውቶ የተሸነፈ ሰው ሚዛኑን አይቶታልና ዕጣውን አያማርርም።

በስሌቱ ወይም በታሪኩ የተሳሳትኩት ነገር ቢኖር አንባቢ በትሕትና እንዲያርመኝ እለምናለሁ።